«ጠንካራ ቦርድ ያስፈልጋል» ብሎ መጻፍ ለምን ነጥብ አያስገኝም?

ጥያቄ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ደብረ ብርሃን ነው የምማረው፤ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ኮርፖሬት ገቨርናንስ ላይ ትርጉሞቹን በሙሉ ሸምድጃለሁ። ሚድ ላይ ግን ኬዝ መጣና "ኤጀንሲ ፕሮብሌም አለ፣ መፍትሔው ጠንካራና ገለልተኛ ቦርድ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ከ20 የተሰጠኝ 6 ነው። መምህሩ ዳር ላይ "የማን? በምን? ስንት?" ብሎ ጽፎልኛል። የመውጫ ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው፤ ስለማመድ ሁሌ ሁለት መልስ ትክክል ይመስለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ተመራቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ስህተት የለበትም። ችግሩ ለየትኛውም ኩባንያ የሚሠራ መሆኑ ነው። ኬዙ ስለ ዱቄት ፋብሪካ ቢሆን፣ ስለ ባንክ ቢሆን፣ ስለ አበባ እርሻ ቢሆን ያው ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። አራሚው ደግሞ ኬዙን አንብበሽ ያገኘሽውን ነው የሚፈልገው። መምህርሽ የጻፈልሽ ሦስት ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው፤ እኔም በእሱ መስመር እሄዳለሁ።

ወደ ኩባንያ ከመግባታችን በፊት ርቢን እናስብ። መንዝ ዘመድ ካለሽ ታውቂዋለሽ። ከተማ የሚኖር ሰው እናት በጎች ገዝቶ ገጠር ላለ ገበሬ በርቢ ይሰጣል። እናቶቹ የባለቤቱ ናቸው፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፤ «አንዷን ጅብ በላት»። እውነት ጅብ በልቷት ሊሆን ይችላል። ገበያ ወጥታም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ከተማ ቁጭ ብሎ ሁለቱን መለየት አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር አለ። ችግሩ እንዲኖር ገበሬው ሌባ መሆን የለበትም። ፍጹም ሐቀኛ ቢሆንም ከሚወለደው ግማሹ ብቻ ነው የእሱ። ስለዚህ በብርድ ሌሊት ተነስቶ የታመመ ግልገል ሲያስታምም ልፋቱ በሙሉ የእሱ ነው፤ ጥቅሙ ግን ግማሽ ነው። ይህ የሰው ክፋት አይደለም፤ የስምምነቱ አሠራር ነው። ፈተና ላይ «ሥራ አስኪያጁ ስግብግብ ስለሆነ» ብለሽ የጻፍሽ እንደሆነ ትንታኔውን ትተሽ ወደ ወቀሳ ገብተሻል።

ስለዚህ ኤጀንሲ ፕሮብሌም የሚፈጠረው ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው። አንደኛው የባለቤቱና የወኪሉ ጥቅም መለያየቱ ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ወኪሉ የሚያውቀውን አለማወቁ ነው። አንዱ ብቻ ካለ ችግሩ የለም። ጥቅማቸው ፍጹም አንድ ቢሆን ባለቤቱ ማየት አያስፈልገውም። ሁሉን ነገር ማየት ቢችል ደግሞ ጥቅማቸው ቢለያይም «ይህን አድርግ» ብሎ ያዛል፤ ካላደረገም ያውቃል። ኬዝ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ሁለቱንም ከጽሑፉ ውስጥ ፈልገሽ አስምሪባቸው። የመምህርሽ «የማን?» ገንዘቡ የማን፣ ውሳኔው የማን ማለት ነው። «በምን?» ደግሞ የወሳኙ ጥቅም በምን ተለየ፣ ከባለቤቱ ምን ተሰወረ ማለት ነው።

«ስንት?» የሚለው የወጪው ጉዳይ ነው። ማይክል ጄንሰን እና ዊልያም ሜክሊንግ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የኤጀንሲ ወጪን በሦስት ከፍለውታል፤ ፈተናም ከዚያ አይወጣም። ባለቤቱ ትራንስፖርት ከፍሎ በጎቹን ሊያይ ሲሄድ የሚያወጣው ሞኒተሪንግ ኮስት ነው። ገበሬው ራሱ «እመኑኝ» ለማለት ዋስ ሲጠራ የሚደርስበት ቦንዲንግ ኮስት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚጎድለው፣ በሙሉ ልብ ያልተጠበቀው ግልገል፣ ሬዚድዋል ሎስ ነው።

ምርጫ ላይ ሁለት መልስ ትክክል የሚመስልሽ አንዱ ቦታ እዚህ ነው። «ኩባንያው ለውጭ ኦዲተር የሚከፍለው ገንዘብ የትኛው ወጪ ነው?» ተብሎ ሞኒተሪንግም ቦንዲንግም በምርጫው ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱን የሚለየው ነገሩን ማን አስጀመረው የሚለው ነው። ኦዲተሩን የሾመው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ከሆነ፣ ባለቤቱ ወኪሉን እየተከታተለ ነውና ሞኒተሪንግ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን በቅጥር ውሉ ላይ «ከለቀቅኩ በኋላ ለሁለት ዓመት ተፎካካሪ ዘንድ አልሠራም» ብሎ ራሱን ካሰረ፣ እምነት ለማግኘት እሱ የከፈለው ነውና ቦንዲንግ ነው። ጥያቄው «ሥራ አስኪያጁ በራሱ ፈቃድ ሒሳቡን ለኦዲት ለማቅረብ ተስማማ» የሚል ከሆነ፣ ያው ኦዲት ወደ ቦንዲንግ ይሄዳል። የወጪው ስም አያታልልሽ፤ ግሡን የሚሠራው ማን እንደሆነ እዪ።

አሁን አንድ ኬዝ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ኬዙን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ፋብሪካውም በእውን የለም።

«ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የዱቄትና ፓስታ አክሲዮን ማኅበር 2,400 ባለአክሲዮኖች አሉት። ጠቅላላ ሥራ አስኪያጁ አክሲዮን የለውም። ውሉ ሊያልቅ 2 ዓመት ቀርቶታል። ከደመወዙ ሌላ ከዓመታዊ የተጣራ ትርፍ 3 በመቶ ቦነስ ያገኛል። ሁለት አማራጭ አለ። አሮጌውን መስመር መጠገን በ1ኛውና በ2ኛው ዓመት ትርፉን በየዓመቱ 6 ሚሊዮን ብር ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይጨምርም። አዲስ መስመር መትከል በ1ኛው ዓመት ትርፉን በ5 ሚሊዮን፣ በ2ኛው በ1 ሚሊዮን ይቀንሳል፤ በ3ኛው 12 ሚሊዮን፣ በ4ኛውና በ5ኛው በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይጨምራል። የባለአክሲዮኖች ተፈላጊ ተመላሽ 15 በመቶ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለቦርዱ የጥገናውን ዕቅድ ብቻ አቀረበ። የቦርዱ ሊቀመንበር የፋብሪካው ትልቁ አከፋፋይ ነው። ሌሎች አከፋፋዮች በ30 ቀን ዱቤ ሲወስዱ እሱ በ90 ቀን ይወስዳል፤ ዱቤውን የሚፈቅደው ሥራ አስኪያጁ ነው። ቦርዱ ጥገናውን አጸደቀ። የኤጀንሲ ችግሩን ተንትኚ፤ መፍትሔም አቅርቢ።» ለቀላልነት ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ እንደሆኑ እንውሰድ።

መጀመሪያ የባለቤቶቹን ሒሳብ ሥሪ። ጥገናው በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ 9.8 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። አዲሱ መስመር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጉዳት ተቀንሶለት 18.8 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ባለቤቶቹ አዲሱን መስመር ይመርጣሉ፤ ያውም በ9 ሚሊዮን ብር ብልጫ።

ቀጥሎ የሥራ አስኪያጁን ሒሳብ ሥሪ። እሱ የሚያየው 2 ዓመት ብቻ ነው። በጥገናው ትርፉ 12 ሚሊዮን ስለሚጨምር 3 በመቶው 360,000 ብር ነው። በአዲሱ መስመር ትርፉ 6 ሚሊዮን ስለሚቀንስ ቦነሱ በ180,000 ብር ይቀንስበታል። ልዩነቱ 540,000 ብር ነው። አዲሱ መስመር ማፍራት ሲጀምር እሱ ሄዷል፤ ፍሬው የሚቀጥለው ሰው ነው።

ይኸውልሽ «ስንት?» የሚለው። አንድ ሰው 540,000 ብር ለማግኘት 2,400 ሰዎች 9 ሚሊዮን ብር ያጣሉ። ያ 9 ሚሊዮን ሬዚድዋል ሎስ ነው። ይህን አንድ መስመር የጻፈች ተማሪ ሁለት ገጽ ትርጉም ከጻፈችው በላይ ታገኛለች፤ እኔ ባርም እንደዚያው አደርጋለሁ።

የመረጃ ክፍተቱን ደግሞ አትርሺ። ሥራ አስኪያጁ ያቀረበው አንድ ዕቅድ ነው። ቦርዱ አዲሱን መስመር አይቶ አልጣለውም፤ ጭራሽ አላየውም። ብዙ ጊዜ ቦርድ የሚሳሳተው እንዲህ ነው። የተደበቀ ሌብነት ሳይሆን ያልቀረበ አማራጭ ነው። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ሁሉ ነገር ሥርዓቱን የጠበቀ ይመስላል፤ አጀንዳ አለ፣ ውይይት አለ፣ ድምፅ አለ። የጎደለው «ሌላ ምን ነበር?» ብሎ የጠየቀ አባል ነው።

እዚህ ላይ የቦርዱ ኃላፊነት ይመጣል። በእኛ አገር የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የቦርድ አባላትንም ኦዲተሩንም የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው ቦርዱ ነው። ይህን ሰንሰለት በልብሽ ያዢው፤ ምርጫ ጥያቄ ላይ «ኦዲተሩን የሚሾመው ሥራ አስኪያጁ ነው» የሚል ወጥመድ ሲመጣ ወዲያው ታውቂዋለሽ። የሚመረመረው ሰው መርማሪውን ከመረጠ ምርመራው ዋጋ የለውም።

ቦርድ ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፣ ክፍያውን ይወስናል፣ ትልልቅ ዕቅዶችን መርምሮ ያጸድቃል፣ የሒሳብ ሪፖርቱን ይከታተላል፣ ካልሆነም ያነሳዋል። ፋብሪካውን ግን አያንቀሳቅስም። ተማሪዎች «ቦርዱ የዕለት ተዕለት ሥራውን በቅርብ መምራት አለበት» የሚለውን ምርጫ ይወዱታል፤ ጠንከር ያለ ስለሚመስል። ስህተት ነው። ቦርዱ ጥሬ ዕቃ ከማን እንደሚገዛ፣ የትኛው ሾፌር እንደሚቀጠር መወሰን ከጀመረ ራሱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ያኔ ውጤቱ ሲበላሽ የሚጠይቀው ሰው አይኖርም፤ የራሱን ውሳኔ ነውና የሚመረምረው።

የቦርድ አባል ሁለት ዋና ግዴታ አለበት። አንዱ የጥንቃቄ ግዴታ ነው፤ ከመወሰኑ በፊት ማንበብ፣ መጠየቅ፣ አማራጭ ማስቀረብ። ሌላው የታማኝነት ግዴታ ነው፤ የራሱን ጥቅም ከኩባንያው ጥቅም በላይ አለማድረግ። በኬዛችን ሁለቱም ተጥሰዋል፤ ግን በተለያየ ቦታ። አንድ ዕቅድ ብቻ ተቀብሎ ማጽደቁ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። የሊቀመንበሩ 90 ቀን ዱቤ ደግሞ የታማኝነት ጉዳይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለሽ «ቦርዱ ደካማ ነው» ካልሽ ነጥቡ ያመልጥሻል።

የሊቀመንበሩን ነገር ትንሽ ቀርበን እንየው። ዱቤው 60 ቀን ይረዝማል። ያ ማለት የፋብሪካው ገንዘብ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ወለድ በእሱ ሱቅ ይሠራል። ያን የሚፈቅድለት ሥራ አስኪያጁ ነው። ታዲያ ሊቀመንበሩ የሥራ አስኪያጁን ዕቅድ ጠንከር አድርጎ ቢጠይቅ የሚያጣው ነገር አለው። በወረቀት ላይ ተቆጣጣሪ ነው፤ በኪሱ ግን ከሚቆጣጠረው ሰው ተጠቃሚ ነው። ገለልተኝነት የሚለካው በዚህ ነው። አባሉ የኩባንያው ሠራተኛ አለመሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከሥራ አስኪያጁ የሚጠብቀው ነገር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

መፍትሔ ስትጽፊ እያንዳንዱን መፍትሔ ካገኘሽው ክፍተት ጋር አያይዢው። እዚህ ኬዝ ላይ የጥቅሙ መለያየት የመጣው ቦነሱ በዓመት ትርፍ ስለሚለካ፣ የሰውየው ዘመን ደግሞ 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የሚነካው ቦነሱ ነው። ቦነሱ በ5 ዓመት ድምር ትርፍ ቢለካና ከፊሉ ዘግይቶ ቢከፈለው፣ ከጥገናው 360,000 ብር፣ ከአዲሱ መስመር 1,080,000 ብር ያገኛል። አሁን እሱም አዲሱን መስመር ይመርጣል። ማንም አልመከረውም፣ ማንም አልገሠጸውም፤ ሒሳቡ ተለወጠ።

ግን ወሰኑንም ጻፊ፤ ከፍተኛ ነጥብ የሚገኘው እዚህ ነው። ከለቀቀ በኋላ ያለው 3 ዓመት በእሱ እጅ አይደለም። የሚተካው ሰው ሥራውን ቢያበላሽ፣ የስንዴ ዋጋ ቢንር፣ እሱ ባላጠፋው ይቀጣል። ይህን አደጋ እንዲሸከም ከፈለግሽ ከፍ ያለ ክፍያ ይጠይቃል፤ ልክም ነው። ያም ራሱ ወጪ ነው።

የመረጃ ክፍተቱን የሚነካው መፍትሔ ሌላ ነው። ቦርዱ ከትልቅ ኢንቨስትመንት በፊት ቢያንስ ሁለት አማራጭ ከነሒሳቡ እንዲቀርብለት ደንብ ያወጣል፤ አንድ ገለልተኛ ባለሙያም ያስገመግማል። ግምገማው 800,000 ብር ቢያስወጣና 9 ሚሊዮኑን ቢያድን ጥሩ ወጪ ነው። ያንኑ ለማዳን 12 ሚሊዮን የሚያስወጣ ቁጥጥር ቢዘረጋ ግን ባለቤቶቹ ከበፊቱ የባሰ ይጎዳሉ። ለዚህ ነው «የኤጀንሲ ወጪን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት» የሚል ምርጫ ትክክል የማይሆነው። ቁጥጥር የሚጨመረው የምትጨምሪው አንድ ብር ከአንድ ብር በላይ እስካዳነ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረውን ጉድለት ተቀብሎ መኖር ይሻላል።

ሊቀመንበሩን በተመለከተ ደግሞ ጥቅሙን በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ስለ ዱቤውና ስለ ሥራ አስኪያጁ ክፍያ ሲወሰን ከስብሰባው ይወጣል። ዱቤው እንደማንኛውም አከፋፋይ 30 ቀን ይሆናል፤ ወይም ልዩነቱን የሚያጸድቀው የተቀረው ቦርድ ይሆናል። ያልተስማማ አባል ካለም ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ አለበት። ዝም ብሎ የተቀመጠ አባል ከአጽዳቂዎቹ ጋር ይቆጠራል።

አሁን «ታዲያ 2,400ዎቹ ባለቤቶች የት ነበሩ?» ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ጥሩ ፈታኝ ይህን ይጠይቃል። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ያለ አንድ ባለአክሲዮን እናስብ። የማኅበሩ ካፒታል 500 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ የሱ ድርሻ 20,000 ብር። ሥራ አስኪያጁ 10 ሚሊዮን ብር ቢያባክን የሱ ጉዳት 400 ብር ነው። ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ አበባ ከተጠራ ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ መሄድ፣ ማደር፣ ምግብ፣ የቀረበት ሥራ አለ። 400 ብር አይበቃውም። ደግሞም ሄዶ ቢያድን የሚድነው 10 ሚሊዮን ለሁሉም ነው፤ የሱ ድርሻ ያው 400 ነው። ስለዚህ አይሄድም። ሌሎቹም በተመሳሳይ ሒሳብ አይሄዱም። ፍሪ ራይደር ፕሮብሌም የሚባለው ይኸው ነው፤ ስንፍና አይደለም። ሰውየው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ውክልና ፈርሞ መስጠት ነው። ያ ውክልና በቦርዱ ወይም በሥራ አስኪያጁ ሰዎች እጅ ከተሰበሰበ፣ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ሰዎች የራሳቸውን ተቆጣጣሪ የሚመርጡበት ድምፅ ይሆናል። ኬዝ ላይ «ውክልናዎች በሥራ አስኪያጁ ጽሕፈት ቤት በኩል ተሰበሰቡ» የሚል መስመር ካየሽ አትለፊው፤ ፈታኙ ሆን ብሎ ነው ያስቀመጠው።

ትልቅ ባለድርሻ ካለ ነገሩ ይገለበጣል። 40 ወይም 60 በመቶ የያዘ ሰው ሥራ አስኪያጁን ለመከታተል በቂ ምክንያት አለው። ግን አዲስ ችግር ይመጣል፤ ትልቁ ባለድርሻ ትንንሾቹን ሊጎዳ ይችላል፤ ለምሳሌ ራሱ ከያዘው ሌላ ድርጅት በውድ በማስገዛት። እዚያው ከተማሽ ያለው ሐበሻ ቢራ ሲቋቋም በሺዎች ከሚቆጠሩ ትንንሽ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ ሰብስቦ፣ ባቫሪያ የተባለ የኔዘርላንድ ቢራ ጠማቂን በባለድርሻነት አስገብቷል። እንዲህ ያለ አወቃቀር በፈተና ሲመጣ ጥያቄው ስለ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን ስለ ትልቅና ትንሽ ባለአክሲዮን ሊሆን ይችላል። መልስሽን ከመጀመርሽ በፊት የትኛው እንደሆነ ለዪ። ባለቤቱ አንድ ሰው ሆኖ ራሱ የሚያስተዳድር ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ዓይነት ችግር የለም፤ ይህም በምርጫ ይመጣል።

ስለወደቀው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ስለ ኤንሮን ትጠየቂያለሽ፤ ስለዚህ አንድ ነገር በደንብ ያዢ። ብዙ ተማሪ «ቦርዱ ገለልተኛ ስላልነበረ ወደቀ» ብሎ ያልፋል። ከውጭ የመጡ አባላት ግን ብዙ ነበሩ፤ የኦዲት ኮሚቴውንም የሚመራው የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር ነበር። ወሳኙ ነገር ሌላ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ቦርዱ የኩባንያውን የሥነ ምግባር ደንብ አንስቶ የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስታው ከራሱ ከኤንሮን ጋር የሚነግዱ ሽርክናዎችን እንዲመራ ፈቀደለት። በገዛ ፈቃዱ የጥቅም ግጭቱን አጸደቀ ማለት ነው። ፋስታው ከነዚያ ሽርክናዎች ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘ በኋላ በተደረገው ምርመራ ተገለጸ። ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ለኦዲት 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ለማማከር 27 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። ከሚመረምረው ሰው ከምርመራው በላይ የሚከፈለው መርማሪ ማለት ነው። ኩባንያው በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ አመለከተ። እነዚህን ሁለት ነጥብ ከጻፍሽ ይበቃሻል፤ የኤንሮንን ታሪክ በሙሉ መተረክ ጊዜ ይበላል፤ ነጥብም አይጨምርም።

ለዱቄት ፋብሪካው ኬዝ ደብተርሽ ላይ መታየት ያለበት መልስ ይህን ይመስላል፦

«ገንዘቡ የ2,400 ባለአክሲዮኖች ነው፤ ውሳኔውን የሚያዘጋጀው ግን አክሲዮን የሌለው ሥራ አስኪያጅ ነው። ቦነሱ በዓመት ትርፍ ስለሚለካና ውሉ በ2 ዓመት ስለሚያልቅ፣ ጥገናው ከአዲሱ መስመር 540,000 ብር ይሻለዋል። ለባለአክሲዮኖች ግን አዲሱ መስመር በዛሬ ዋጋ በ9 ሚሊዮን ብር ገደማ ይበልጣል፤ ይህ ሬዚድዋል ሎስ ነው። ቦርዱ አንድ አማራጭ ብቻ ስለቀረበለት ልዩነቱን አላየም፤ ይህ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። ሊቀመንበሩ የ90 ቀን ዱቤ ከሥራ አስኪያጁ ስለሚያገኝ ገለልተኛ አይደለም፤ ይህ የታማኝነት ጉዳይ ነው። ባለአክሲዮኖቹ ብዙና ትንንሽ በመሆናቸው ለየብቻ መከታተል አያዋጣቸውም። ቦነሱ በ5 ዓመት ውጤት ቢለካና ከፊሉ ቢዘገይ ጥቅማቸው ይቀራረባል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ለተጨማሪው አደጋ ክፍያ ይጠይቃል። ቦርዱ ሁለት አማራጭና ገለልተኛ ግምገማ መጠየቅ አለበት፤ የግምገማው ወጪ ከሚያድነው ገንዘብ ማነስ አለበት። ሊቀመንበሩ በዱቤውና በሥራ አስኪያጁ ክፍያ ላይ መወሰን የለበትም።»

ግማሽ ገጽ ነው። ትርጉም የሚባል ነገር የለበትም፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ከኬዙ የተወሰደ ነገር አለው። መለማመድ ከፈለግሽ ሚድ ላይ የወደቅሽበትን ኬዝ መልሰሽ በዚህ መልክ ጻፊውና ለመምህርሽ አሳዪው። ዳር ላይ ያን ያህል የጻፈ መምህር ሁለተኛ ጊዜ ለማንበብ እምቢ አይልም።

ምርጫው ላይ ልመለስና ልጨርስ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ እንዴት እንደምትለዪ እንሞክር፦ «ከሚከተሉት የሥራ አስኪያጁንና የባለአክሲዮኖችን የረጅም ጊዜ ጥቅም ይበልጥ የሚያቀራርበው የትኛው ነው? ሀ) ቋሚ ደመወዙን በእጥፍ መጨመር። ለ) በየዓመቱ ትርፍ ላይ የተመሠረተ ቦነስ። ሐ) ለ5 ዓመት የማይሸጥ አክሲዮን መስጠት። መ) የቦርድ አባላትን ቁጥር መጨመር።» ሀ ሰውየው ምንም ቢሠራ የሚከፈል ነው፤ ጥቅሙን አያንቀሳቅስም። መ ቁጥጥርን ሊነካ ይችላል፤ የተጠየቀው ግን ቁጥጥር አይደለም፤ ጥቅምን ማቀራረብ ነው። ሁለት ትክክል የሚመስሉት ለ እና ሐ ናቸው። ሁለቱም ከውጤት ጋር የተያያዘ ክፍያ ነው። ጥያቄው ውስጥ ያለችው «የረጅም ጊዜ» የምትለው ቃል ግን ለን ትጥለዋለች፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጥገናውን የመረጠው በዚሁ በለ ምክንያት ነበርና። መልሱ ሐ ነው።